እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፦ የእድር በዓል ቪዲዮን በአንድ ሌሊት ኤዲት አድርጎ ማድረስ

ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደሴ ፒያሳ ያለችውን ጠባብ ስቱዲዮዬን ልዘጋ ስል የእድራችን ሰብሳቢ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለት ሜሞሪ ካርድና አንድ ፍላሽ በመሀረብ ቋጥረው ይዘዋል። ቀኑን ሙሉ የተከበረው የእድሩ በዓል ተቀርጿል፣ የሚቀረው ነገ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ አዳራሹ ውስጥ ማሳየት ነው።

«ልጄ፣ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ስንት ደቂቃ ነው የምትፈልጉት?»

«ሁሉም ሰው ይታይ። አንድ ሰዓት ቢሆን አይከፋም።»

«አባባ፣ አንድ ሰዓቱን በሳምንት እሰጣችኋለሁ። ለነገ 12 ደቂቃ ከሆነ አንቱን አላሳፍርም።»

ትንሽ አንገራገሩና ተስማሙ። እዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሁሉ የዚያ ሌሊት ሥራ ነው፣ የተሳሳትኩበትንም አልደበቅኩም። የሠራሁት በፕሪሚየር ነው፤ በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩም አካሄዱ አንድ ስለሆነ አትቸገሩም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ከጀርባ ቁጠሩ

ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከመሰካቴ በፊት ወረቀት አወጣሁና ከ3 ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሆኜ በእነሱ ፕሮጀክተርና በእነሱ ድምፅ ማጉያ መሞከር አለብኝ። ስለዚህ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከስቱዲዮ እወጣለሁ። ኤክስፖርቱ ቢበላሽ የምደግምበት ጊዜ እንዲኖረኝ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያለቀ ፋይል እጄ መግባት አለበት። ይህ ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አዲስ ነገር አልጨምርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ቢያስጠላም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታይ ሙሉ ቪዲዮ ሊኖረኝ ይገባል።

ይህችን የ6 ሰዓት ቪዲዮ ብዙ ኤዲተር ይዘልላታል። የመግቢያውን ጽሑፍ ሲያሳምር፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ቀለም ሲያስተካክል ሌሊቱ ይጋመስና የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ያልተነካ ሆኖ ይነጋበታል። እኔም በአንድ ሠርግ ሥራ እንደዚያ ሆኜ ስለማውቅ አሁን ሥራዬን የማከፋፍለው በንብርብር ነው፦ ድምፁ ሙሉ ለሙሉ፣ ከዚያ ምስሉ ሙሉ ለሙሉ፣ ከዚያ ጽሑፉ ሙሉ ለሙሉ፣ ጊዜ ከተረፈ ቀለሙ። የትኛውም ላይ ብቆም የሚታይ ነገር አለኝ።

ካርዱን መገልበጥ

ሁለቱ ካሜራዎች የቀረጹት 1080 ሆኖ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 50 ሜጋቢት ነው። ይህ በሰዓት ወደ 22 ጊጋባይት ይሆናል። አንደኛው 3 ሰዓት፣ ሁለተኛው 1 ሰዓት ተኩል ቀርጿል፤ ፍላሹ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ በስልክ ያነሱት 12 ጊጋ አለ። በድምሩ ወደ 112 ጊጋባይት ነው። በአሮጌው ካርድ አንባቢዬ፣ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ በሚጎትተው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ፈጣኑን አንባቢ ፈጣኑ ቀዳዳ ላይ ስሰካው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አንባቢያችሁ የቱ እንደሆነ ዛሬ ቀን በእርጋታ ለዩት፣ ሌሊት ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ንግግሮቹ ያሉበትን ካርድ ቅድሚያ ገልብጡ፤ ሁለተኛው ሲገለበጥ የመጀመሪያውን ማዳመጥ ትጀምራላችሁ። ሲያልቅ የፋይሉን ብዛትና ጠቅላላ መጠኑን ከካርዱ ጋር አስተያዩ፣ የመጨረሻዋን ፋይል ክፈቱና እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ እዩዋት። መገልበጥ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ካርዶቹን ቪዲዮው ታይቶ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይንካቸው። እኔ መልሼ በሰብሳቢው መሀረብ ቋጥሬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ድምፁን አጥንት አድርጉት

አራት ሰዓት ተኩል የተቀረጸ ነገር ቁጭ ብሎ ለማየት ጊዜ የለም፤ መስማት ግን ይቻላል። የበዓሉን የፕሮግራም ወረቀት አስቀምጬ፣ በእጥፍ ፍጥነት እያስኬድኩ፣ ጠቃሚ ንግግር ስሰማ ብቻ ማርክ አደረግሁ። ዘጠኝ ቁራጭ ወጣልኝ፦ የሼኹ ዱዓ፣ የቄሱ ጸሎት፣ የሰብሳቢው ሪፖርት ሦስት ቦታ፣ እድሩን ከመሠረቱት መካከል የአንድ አዛውንት ትዝታ፣ የሴቶቹ ተወካይ ንግግር፣ የሽልማቱ ሰዓት፣ የመዝጊያው ምርቃት። እነዚህን ብቻ፣ ምስሉ ምንም ይሁን ምን፣ በተራ ደረደርኳቸው። ዓይንን ጨፍኖ ሲሰማ ታሪኩ የሚገባ ከሆነ አጥንቱ ቆሟል ማለት ነው። የእኔ 10 ደቂቃ ከ40 ሆነ፤ ለሟቾች ስም ዝርዝርና ለመግቢያው አንድ ደቂቃ ከሃያ ተረፈኝ።

ወሎ ውስጥ ለምትሠሩ አንዲት ነገር ልበል። እድራችን የሁለቱም እምነት ነው፤ ዱዓውም ጸሎቱም ይገባል፣ አንዱ 40 ሰከንድ ሌላው 10 ሰከንድ አይሆንም። ሁለቱም የሚቆረጡት «አሚን» እና «አሜን» ከተባለ በኋላ፣ የሕዝቡ ድምፅ ከበረደ በኋላ ነው። ዱዓን መሀል ላይ መቁረጥ የኤዲት ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ፊታችሁን የምታዞሩበት ያሳጣችኋል።

አሁን ሌሊቱን ሊያበላሽብኝ ወደነበረው ጉዳይ ልምጣ። ካሜራማኑ ጎበዝ ነውና የንግግሩን ድምፅ ከአዳራሹ ሚክሰር በኬብል ቀጥታ ወደ ካሜራው አስገብቷል። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ጥርት ያለ ነው። ብቻ አንድ የሚከነክን ነገር አለው፤ የሰውየው ድምፅ ፊት ለፊቴ መምጣት ሲገባው ግራና ቀኝ ተበትኖ፣ ከጭንቅላቴ ኋላ የሚመጣ ይመስላል። ደክሞኝ ነው ብዬ አለፍኩት።

የአክስቴ ልጅ፣ ሻይ ሊያመጣልኝ መጥቶ፣ የሰብሳቢውን ንግግር ቆርጬ ስልኩ ላይ ስልክለት ከፈተው።

«ወንድሜ፣ ድምፅ የለውም እኮ!»

«ጨምረው።»

«ጨምሬዋለሁ። ሹክሹክታ ነው የሚሰማው።»

ጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለ፣ ስልክ ላይ የጠፋ ድምፅ። ምክንያቱ ይህ ነው። ከሚክሰር የሚወጣው የባለሙያ ኬብል አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፤ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ያለው የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፣ አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው ወደ ታች። ይህ የሚደረገው በመንገድ ላይ የሚገባውን ጩኸት ለማጥፋት ነው፤ የሚቀበለው ዕቃ ሁለቱን አስተያይቶ አንድ ድምፅ ያደርጋቸዋል። የካሜራችን ትንሿ ቀዳዳ ግን ስቴሪዮ ስለሆነች አንደኛውን ሽቦ ግራ፣ ሁለተኛውን ቀኝ አድርጋ ትቀርጻለች። በጆሮ ማዳመጫ አንዱ ጆሮ አንዱን፣ ሌላው ጆሮ ሌላውን ስለሚሰማ ድምፁ አለ። በአንድ ስፒከር ሲወጣ ግን ግራና ቀኙ ይደመራሉ። አንድ ሲደመር ከአንድ ተቃራኒ ጋር፣ ዜሮ።

አዳራሹስ? የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የላፕቶፑን ግራና ቀኝ ደምሮ በአንድ መስመር ነው የሚያወጣው። የልጁ ስልክ ባይኖር ኖሮ ሰብሳቢው በእድርተኛው ሁሉ ፊት አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ድምፅ አልባ ይሆኑ ነበር።

ለማረጋገጥ የድምፁን ሞገድ በጣም አጉሉትና ግራና ቀኙን አስተያዩ። የግራው ጉብታ ባለበት የቀኙ ጎድጓዳ ከሆነ፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ከሆነ፣ በሽታው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንደኛውን ጎን መጣልና ሌላውን በሁለቱም ጎን ማድረግ። ፕሪሚየር ላይ Fill Right with Left የሚባለውን ኢፌክት ንግግሩ ላይ ብትጥሉት ግራውን ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል። ዘጠኙንም ቁራጭ በአንዴ መርጬ ጣልኩባቸው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ድምፁ ወዲያው ተሰብስቦ ወደ መሀል መጣ። ካሜራው በራሱ ማይክ የቀረጸውን የሕዝብ ድምፅና ጭብጨባ ይህ በሽታ አይነካውም፣ እሱን በነበረበት ተዉት።

ከዚያ የድምፁን ከፍታ አስተካከልኩ። የንግግሩ ከፍተኛ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን፣ ከሥር የሚገባው የድቤና የእልልታ ድምፅ ደግሞ ንግግሩን እንዳይውጠው ዝቅ ብሎ እንዲሄድ። ለማጀቢያ የታወቀ ዘፈን አላስገባሁም። ነገ እድርተኛው ፌስቡክ ላይ ሲጭነው የዘፈኑ ባለመብት ድምፁን ሊያስዘጋው ይችላል፤ ደግሞም ራሳቸው የመቱት ድቤ እያለ ምን ያደርጋል።

የመግቢያ ትረካ የምታነቡ ከሆነ እዚህ ላይ ቅረጹት። እኔ ጋቢ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በ4 ሰዓት ከምሽቱ ቀረጽኩ። ለእሁድ አጥቢያ ከሆነ ከተማው ብዙ አይተኛም፤ ማህሌቱ በድምፅ ማጉያ ይቀጥላል፣ ቀጥሎ የሱብሂ አዛን ይመጣል፣ ውሻውም አለ። ንጋት ላይ ጸጥታ እየጠበቀ ትረካ የሚቀርጽ ሰው ደሴን አያውቃትም።

ምስሉን ማልበስ

ይህ ፈጣኑ ክፍል ነው። አንድ ሰው ሲናገር ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ፊቱን አሳዩ፣ ከዚያ ስለሚናገረው ነገር ወይም ስለሚሰሙት ሰዎች ምስል አምጡ፣ ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ፊቱ ተመለሱ። ሰብሳቢው «ሁሉም ሰው ይታይ» ያሉት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ በሚነበብበት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ብቻ ከ40 በላይ ሰዎች በፊት በፊታቸው አስገባሁ። ሰው ራሱን ለሁለት ሰከንድ ካየ ይበቃዋል።

የሚያስቸግረው የስልክ ቪዲዮ ነው። ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸውን ፍሬም እንደ ብርሃኑ ይቀያይራል፤ አዳራሹ ሲጨልም ይቀንሳል፣ ውጭ ሲወጣ ይጨምራል። ኤዲት ፕሮግራም ደግሞ እኩል ነው ብሎ ሲያስብ ድምፅና ምስል ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ቪዲዮው ሲጀምር አፍና ድምፅ ይገጥማሉ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ግን ጭብጨባው እጅ ከተጋጨ በኋላ ይሰማል። በእጅ እየገፉ ማስተካከል ሌሊቱን ይበላል። ወደ ታይምላይን ከማስገባታችሁ በፊት ffmpeg በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ በትእዛዝ መስመር፣ ወደ እኩል 25 ፍሬም ቀይሩት፦

```
ffmpeg -i tel.mp4 -vf fps=25 -c:v libx264 -crf 18 -preset fast -c:a aac -ar 48000 tel25.mp4
```

ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም። እኔ ድምፃቸው የሚያስፈልገኝን አራት ብቻ ቀየርኩ፣ ድምፅ አልባ ሆነው ለሽፋን የሚገቡትን እንዳሉ ተጠቀምኩባቸው። አንዳንዶቹ ስልኮች ላይ አዳራሹ በመብራት መስመሮች ሲርገበገብ ይታያል። መብራታችን በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል፤ ስልኩ ከዚያ ጋር በማይገጥም ፍጥነት ሲያነሳ ይህ ይመጣል። ሲቀረጽ ካልተጠነቀቁለት በሌሊት የሚድን ነገር አይደለም፣ ሌላ ምስል ፈልጉ።

የ6 ሰዓቷ ቪዲዮ እና መብራቱ

ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብዬ ሙሉው 12 ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ተሸፈነ። ቀለሙ አልተነካም፣ የስም ዝርዝሩ ቦታ ጥቁር ነው፣ ግን ይታያል። ኤክስፖርት አዘዝኩ። የእኔ ማሽን ለ12 ደቂቃ ቪዲዮ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ወጥቼ እጄን ከሰሉ ላይ አሞቅሁ፤ የጦሳ ተራራ ብርድ በዚያ ሰዓት ጣት ያስራል።

አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።

ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። የእኔ ትንሿ ዩፒኤስ ትልቁን ኮምፒውተር የምትሸከመው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ኤክስፖርቱ ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል። እዚህ ላይ ሰው ይቆምራል፤ እኔም ቆመርኩ፣ ስክሪኑን አጠፋሁና ትደርስ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልደረሰችም። ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ።

ወደ ዘጠና በመቶ ደርሶ የነበረው ፋይል በኋላ ሲከፈት ምንም አላሳየም። መጠኑ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ቪዲዮ አለ፣ ግን አይጫወትም። ምክንያቱም ኤምፒ4 ፋይል የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚያመለክተውን ማውጫ በተለምዶ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ማውጫ የሌለው ፋይል ገጹ ተበታትኖ ቁጥር እንደሌለው መዝገብ ነው። ስለዚህ ዘጠና በመቶ የደረሰ ኤክስፖርት ማለት ዘጠና በመቶ ቪዲዮ ማለት አይደለም፣ ዜሮ ነው።

ዩፒኤስ ሲጮህ ትክክለኛው ሥራ ኤክስፖርቱን አቋርጦ፣ ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ማጥፋት ነው። ፕሮጀክቴ የዳነው በየ5 ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ አድርጌ፣ ቅጂው ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ እንዲገባ ስላዘዝኩት ብቻ ነው። ይህን ቅንብር ሥራ ሳትጀምሩ አስተካክሉት።

ጨለማው ውስጥ፦ ስሞቹ

መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሥራ አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። የእኔ የስም ሥራ ነበር። ሰብሳቢው ምሽት ላይ የእድሩን መዝገብ ገጾች በስልክ አንስተው ልከውልኛል፦ ከምሥረታው ጀምሮ ያለፉ 44 አባላት። የስልኬን መብራት አብርቼ በወረቀት ገለበጥኳቸው።

በእንዲህ ያለ ቪዲዮ ቀለሙ ቢበላሽ ማንም አይቀየማችሁም። የአባቱ ስም የተዘለለበት ሰው ግን አይረሳችሁም። ስለዚህ ስሞቹን መዝገቡ ላይ እንዳሉ ጻፉ፣ አታርሙ። «ዓሊ» ካለ «አሊ» አታድርጉት፣ «ኃይሌ» ካለ «ሃይሌ» አይሁን፣ «ሠይድ» እና «ሰይድም» እንደዚያው። ማዕረጉንም ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ወይዘሮ እንደተጻፈው። ቅደም ተከተሉ ያረፉበት ዘመን ይሁን፤ በማዕረግ ከደረደራችሁ ለምን እገሌ ቀደመ የሚል ይመጣል። ከገለበጥኩ በኋላ የአክስቴን ልጅ መዝገቡን አስይዤ እኔ ከወረቀቱ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እሱ በጣቱ እየተከተለ። አንድ ስም ዘልያለሁ። ሁለት ወይዘሮዎች በስምም በአባትም አንድ ስለሆኑ ዓይኔ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዘሎ ነው። ሁለቱን በአያት ስም ለየኋቸው።

አራት አራት ስም በአንድ ገጽ፣ 11 ገጽ ሆነ፤ ለያንዳንዱ ገጽ 6 ሰከንድ ብሰጥ 66 ሰከንድ። ፍጥነቱን የምትለኩት በቀስታ ሁለቴ እያነበባችሁ ነው፣ አዛውንቶቹ የሚያነቡት በእናንተ ፍጥነት አይደለም።

ስለ ፎንት አንድ ነገር። ኒያላ በወረቀት ያምራል፣ ቀጭኑ መስመሩ ግን በደከመ ፕሮጀክተር ይጠፋል። እኔ ደመቅ ያለውን Noto Sans Ethiopic Bold ተጠቀምኩ። ፕሮጀክቱን በሌላ ኮምፒውተር የምትከፍቱ ከሆነ ፎንቱን አብራችሁ ውሰዱ፤ አለበለዚያ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

በቁራጭ ኤክስፖርት ማድረግ

መብራት የመጣው ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወዲያው አላበራሁም፤ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ስሞቹን አስገባሁ፣ የጨለሙትን ምስሎች ብሩህ አደረግሁ። ስክሪናችሁ ላይ ደስ የሚል ጥላ በቀን ብርሃን መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ጥቁር ጭቃ ነው የሚሆነው፤ ከሚመስላችሁ ትንሽ አብልጣችሁ አብሩት። 9 ሰዓት ሲሆን እጄን ሰበሰብኩ።

አሁን እንደ ቅድሙ አልተታለልኩም። ቪዲዮውን ሦስት ቦታ ከፍዬ አራት አራት ደቂቃ አድርጌ ኤክስፖርት አደረግሁ። እያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ቢሄድ የምከስረው አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው። የምትከፍሉበት ቦታ ንግግርም ሙዚቃም የሌለበት፣ ምስሉ ወደ ጥቁር የሚሄድበት ይሁን። በመጋጠሚያው ላይ ቅንጣት ዝምታ ስለምትገባ ቃል መሀል ከሆነ ጠቅ የሚል ይሰማል። የሦስቱም ቅንብር ፍጹም አንድ መሆን አለበት፦ 1080፣ 25 ፍሬም፣ ኤች 264፣ 10 ሜጋቢት። አዲሱን ኤች 265 አትምረጡ፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ አያነበውም። ከዚያ `list.txt` የሚባል ፋይል ከቁራጮቹ ጎን ጻፉ፦

```
file 'p1.mp4'
file 'p2.mp4'
file 'p3.mp4'
```

እና አያይዙ፦

```
ffmpeg -f concat -safe 0 -i list.txt -c copy final.mp4
```

እንደ አዲስ ስለማይሠራው ማያያዙ ጥቂት ሰከንድ ነው። 12 ደቂቃው 900 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። በዚህ መንገድ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የጨረሰውን ስመለከት አንዱ የስም ገጽ ከሌላው ቀድሞ ሲጠፋ አየሁ። ሦስተኛውን ቁራጭ ብቻ ደግሜ አወጣሁ፣ መልሼ አያያዝኩ፣ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ያለቀውን ሙሉውን፣ ሳልዘል፣ በስልክ ስፒከር አየሁት። ከዚያ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ላፕቶፑ ላይም ጨመርኩ።

አዳራሹ

2 ሰዓት ላይ ስደርስ ሴቶቹ ወንበር ይደረድራሉ፣ ቡናው ተቆልቷል። ፕሮጀክተሩን ለኮስኩ፣ ላፕቶፑ በመሀል እንዳይተኛና የስልክ መልእክት እንዳያሳይ አደረግሁ፣ ቻርጀሩን ሰካሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት የሰብሳቢውን ንግግር ነው። ከኋላ ወንበር ድረስ ሄጄ ሰማሁት፤ ድምፃቸው በአንዱ ማጉያ ሙሉ ሆኖ መጣ። ቀጥሎ የስም ገጾቹን፦ ፕሮጀክተሩ ዳር ዳሩን ትንሽ ይቆርጣል፣ ጽሑፉን ከጠርዙ አርቄ ስላስቀመጥኩት ግን አልነካውም።

3 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ሰብሳቢው ሰው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ባለፈው ወር ያረፉት እትዬ መዝገቡ ላይ ገና አልተጻፉም ነበር። ልጃቸው ይኸው። አሁን ታስገባቸዋለህ?»

ኮምፒውተሩ ፒያሳ ነው። ሦስተኛውን ቁራጭ ሄጄ ብከፍት፣ ባወጣ፣ ብመለስ ከአንድ ሰዓት በታች አይሆንም፤ ቸኩዬ የማስገባው ስም ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

«አባባ፣ አንቱ ማይክ ያዙ። ቪዲዮው ሊጀምር ሲል ስማቸውን ጥሩ፣ ሕዝቡ ይነሳላቸው። ለፌስቡክ በሚሄደው ላይ ዛሬ ማታ እጨምራቸዋለሁ።»

ወደ ልጅየው ዞር ብለው አዩት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሙሉ ስማቸውን በወረቀት ጻፈልኝ፤ «ዓ» ሁለት ቦታ እንዳለ በጣቱ አሳየኝ። ሰብሳቢው ማይኩን አነሱ፣ አዳራሹ ቆመ፣ እኔም እጄን ማስጀመሪያው ቁልፍ ላይ አድርጌ እስኪቀመጡ ጠበቅሁ።